«አርፍዳችሁ ገብታችሁ ነው» ለሚሉን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እህቱ ከዐረብ አገር ለቤት ኪራይ የላከችለትን ገንዘብ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ባስተዋወቃት ሳንቲም ላይ አፍስሶ ባዶ እጁን ቀረ። አድሚኑም የእኛው ሰው ነው። «አርፍደህ ገብተህ ነው» አለው።

ውሸት ነው! የሒሳብ መምህር ነኝና በቁጥር ላሳያችሁ።

እንዲህ ያለች ትንሽ ሳንቲም ዋጋዋ የሚወሰነው ዶላርና ሳንቲም በተቀመጠበት ገንዳ ነው። የሁለቱ ብዜት አይለወጥም። ገንዳው 5,000 ዶላርና 5 ሚሊዮን ሳንቲም አለው እንበል፤ የአንዷ ዋጋ 0.001 ዶላር ነው። አድሚኑ ሌላ 5 ሚሊዮን በኪሱ ይዟል። 50 ስደተኞች መቶ መቶ ዶላር ይዘን ገባን። ገንዳው 10,000 ዶላርና 2.5 ሚሊዮን ሳንቲም ሆነ፤ ዋጋው 0.004 ደረሰ። በ5,000 ዶላር ብቻ አራት እጥፍ!

ስልካችን ላይ ያለን ሀብት 10,000 ዶላር ይላል። ሁላችንም ብንሸጥ ግን የሚመለስልን ያው የራሳችን 5,000 ነው። ግን አድሚኑ ቀደመን። 5 ሚሊዮኑን ሲያራግፍ 6,667 ዶላር ይዞ ወጣ። ለሃምሳችን የቀረን 833 ዶላር ነው፤ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 17 እንኳ አይሞላም። ከመካከላችን ቀድሞ ሸጦ ያተረፈ ቢኖር እንኳ ትርፉ ከጎረቤቱ ኪስ የወጣ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት DexScreener ላይ Liquidity የሚለውን ከ Market Cap ጋር አስተያዩ። ከ Liquidity ውስጥ ዶላሩ ግማሹ ብቻ ነው፤ መውጫ በራችን እሱ ነው። ከዚያ ግራፉን ወደ ኋላ እዩ። ማስታወቂያው ሳይወጣ፣ ዜናም ሳይኖር፣ ዋጋው ቀስ እያለ ከወጣ ቀድሞ የሰበሰበ ሰው እንዳለ ጠርጥሩ። ከማስታወቂያው በኋላ ግብይቱ በዝቶ ዋጋው አልወጣ ካለ ደግሞ እያራገፉብን ነው። በጠባብ ገበያ አንድ ቅን ገዢም ዋጋ ያስዘልላል፤ ስለዚህ አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሁሉም ከተገጣጠሙ ግን ሽሹ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮን ተቆጣጣሪ ጆናታን ሌቤድ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከሰሰ። ክሱ፣ ብዙም የማይገበዩ ርካሽ አክሲዮኖችን ገዝቶ፣ በተለያዩ ስሞች ኢንተርኔት ላይ አሞግሶ፣ ዋጋው ሲወጣ ሸጠ የሚል ነበር። ጥፋቱን ሳያምን 285,000 ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። እሱን የጠየቀው መንግሥት ነበር። የእኛን አድሚን ማን ይጠይቀው?

እኛው እንጠይቀው። ወንድሜ፣ የቦርሳህን አድራሻ እዚህ ለጥፍልን። ከማስታወቂያህ በፊት ስንት ሳንቲም ይዘህ እንደነበርና መቼ እንደሸጥክ አብረን እንቁጠር። ከደበቅከው መልሱን ሰጥተኸናል።