ሸማኔው ይናገር፣ ተራኪው ይደምር

ስለ ሸማኔ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በስልካችሁ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አጀማመሩን እኔ ልንገራችሁ። ክራር ይመታል። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ «ከጥንት ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣው...» ብሎ ይጀምራል። ሸማኔው አፉን የሚከፍተው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ተራኪው ያለውን ለመድገም።

ብዙዎቻችን «ችግሩ ካሜራው ነው፣ በጀቱ ነው» እንላለን። እኔ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት፣ ወረቀቱ ላይ ነው ባይ ነኝ። ማን ምን እንደሚናገር አልተከፋፈለም። ተራኪው የቤተሰቡን ቃል ይወስድና፣ የራሱን ሥራ ደግሞ ሳይሠራ ይቀራል።

ነገሩን በአንድ ስክሪፕት ላሳያችሁ። አንድ ፊልም ሠሪ ወጣት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስላለ የአንድ ቤተሰብ ሽመና ቤት የ10 ደቂቃ ፊልም ቀርፆ፣ ስክሪፕቱን እንዳይለት ላከልኝ። አባትየው ይሸምናሉ። እናትየው ይፈትላሉ፣ ክር ያጠነጥናሉ። ትልቋ ልጅ ቀሚሱን በቴሌግራም ትሸጣለች። ትንሹ ልጅ 12ኛ ክፍል ነው። ገጹ እንደተለመደው ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። በቀኝ ያለውን በሰዓት ለካነው። ከ10 ደቂቃው 6ቱን የሚናገረው ተራኪው ነው። አራቱ የቤተሰቡ አባላት ተደምረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የደረሳቸው። የቀረው ሙዚቃ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ ትረካውን በሙሉ አወጣነው። ከዚያ የ70 ደቂቃ ቃለ ምልልሱ ከነደቂቃው በጽሑፍ ተገለበጠ። ይሄ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ግን ያልተገለበጠ ቃለ ምልልስ ላይ ስክሪፕት መጻፍ በግምት መጻፍ ነው። የተመረጡት ክሊፖች ያለ ምንም ትረካ ተደረደሩና ቤተሰቡን ለማያውቅ ጓደኛው አሳየው። ጓደኛው «ይቺ ማናት?»፣ «ይሄ የት ነው?»፣ «አልገባኝም» ያለባቸው ቦታዎች ተመዘገቡ። ዘጠኝ ነበሩ። ትረካ የተጻፈው ለእነዚያ ዘጠኝ ቦታዎች ብቻ ነው።

አንዱን ልውሰድ። የመጀመሪያው ስክሪፕት እንዲህ ይላል።

ተራኪ፦ «አባወራው ገና በልጅነታቸው ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሙያውን በብዙ ችግር ተማሩ።»

አባት፦ «በልጅነቴ ነው ከጨንቻ የመጣሁት። ብዙ ችግር አይቻለሁ።»

እዩት፤ ሁለት ጊዜ ተነገረ፣ ግን ምንም አልተነገረም። የተገለበጠውን ስናነብ አባትየው ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ተናግረው ነበር። ተቆርጦ ወድቋል። አዲሱ ክፍፍል ይሄ ሆነ።

ተራኪ፦ «ከጨንቻ ሲመጡ 11 ዓመታቸው ነበር። ያመጣቸው አጎታቸው ሸማኔ ነው።»

አባት፦ «ጉድጓዱ አፍ ላይ ስቀመጥ እግሬ መርገጫው ጋ አይደርስም። አጎቴ የመርገጫውን ገመድ አሳጠረልኝ። ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ መልሶ ያስረዝመዋል።»

ዕድሜ፣ አገር፣ ዝምድና በተራኪ አፍ አጭር ይሆናል፤ ማንም ቢለው ያው ነው። የገመዱን ነገር ግን ከእሳቸው ሌላ ማንም ሊናገረው አይችልም። መለያው ይሄ ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም የማይጎድልበት ከሆነ ለተራኪው ስጡት። የሚጎድልበት ከሆነ ከባለቤቱ አትውሰዱበት።

«ሰውዬው እንዲህ ዓይነት ነገር ካልተናገረስ?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ያልተናገረው ስላልተጠየቀ ነው። «በስንት ዓመትዎ ጀመሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «በአሥራ አንድ» ብለው ያቆማሉ። የእናንተ ድምፅ ፊልሙ ውስጥ ስለማይገባ ያቺ መልስ ብቻዋን አትቆምም፤ ተራኪ ያስፈልጋታል። «የመጀመሪያ ቀን ጉድጓዱ ጋ ሲቀመጡ ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ካላችሁ ግን መልሱ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሌላው ደግሞ እየሸመኑ አታናግሯቸው። ማጥበቂያው «ጧ፣ ጧ» ሲል ከንግግሩ ጋር አብሮ ይቀረፃል፤ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትቆርጡ ምቱም አብሮ ይዘላል፣ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ንግግሩን በጸጥታ፣ የሽመናውን ድምፅ ለብቻው ቅረፁ። ከዚያ በፈለጋችሁበት ታነጥፉታላችሁ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። አባትየው ስለ ትንሹ ልጃቸው ሲጠየቁ እንዲህ ብለው ነበር፦ «ልጄ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔ ስሠራው ደስ ይለኛል፤ ግን ከሠራሁት ላይ ለልጅ የሚተርፍ የለም።» መጀመሪያው ስክሪፕት ላይ «እኔ ስሠራው ደስ ይለኛል» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። ተከትሎ ተራኪው ገብቶ «ይህ ውድ ቅርስ ለመጪው ትውልድ ይተላለፋል» ይላል። በቃ፣ ሰውዬው «አይተላለፍም» ያሉትን ተራኪው «ይተላለፋል» አለው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ፊልማቸው።

በተቃራኒው «እንዲገባ አልፈልግም» የምትለዋን ብቻ ብታስቀሩስ? ያኔ ደግሞ ሙያውን የሚንቅ ሰው ይሆናሉ። ሦስቱም ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ሲነገር 14 ሴኮንድ ነው። 14ቱም ሴኮንድ ገባ። ከዚያ በኋላ ተራኪ የለም። ለአራት ሴኮንድ የማጥበቂያው ምት ብቻ ይሰማል። ተመልካቹ የሰማውን እንዲውጠው ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ተራኪ እዚያ ቦታ ላይ የሚጨምረው ነገር ሁሉ ሰውዬውን ማረም ነው።

ይህን የማነሳው ለፊልም ጥራት ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ አገር ሸማኔ ሲሰደብ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ስድቡ ቀንሶ ሙገሳው በዝቷል። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ሸማኔውን አይጠይቁም። «ጥበበኛ» ብሎ እያወደሱ በላዩ ላይ መናገርም በላዩ ላይ መናገር ነው።

ታዲያ ትረካ ይውጣ እያልኩ ነው? አይደለም። ተራኪ ከሌለ የማይታይ ነገር አለ። እዚሁ ፊልም ላይ እናትየው «እኔ ምን እሠራለሁ፣ ክር ነው የማጠነጥነው» ብለው በዶርዝኛ ሲናገሩ ይሰማል። መጀመሪያው ስክሪፕት ድምፃቸውን ዝቅ አድርጎ በላዩ ላይ ተራኪ ያስተረጉምባቸው ነበር። ያንን ወደ ጽሑፍ ቀየርነው፤ ድምፃቸው ሙሉ ይሰማል፣ ትርጉሙ ከታች ይነበባል። ለስልክ ተመልካች ይሄ ምንም አያስቸግርም። ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግታችሁ ጽሑፍ እያነበባችሁ የምታዩት ስንቱን ነው?

ግን ጽሑፉ ብቻውን በቂ አልነበረም። ሴትዮዋ ራሳቸው ሥራቸውን እንደ ሥራ አልቆጠሩትም። አባትየው በሌላ ክሊፕ «አንድ የቀሚስ ጨርቅ አራት ቀን ይፈጅብኛል» ይላሉ። ልጅቷ በሌላ ቦታ «እማዬ የአንድ ቀሚሱን ክር ፈትላ አጠንጥና እስክትጨርስ ሦስት ቀን ነው» ትላለች። ደንበኛው ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ለአራት ቀን ሥራ ይሄ ሁሉ?» ብሎ ይከራከራል። ሦስት ሰዎች ሦስት ቦታ ሆነው ነው የተናገሩት፤ አንዳቸውም አልደመሩትም። መደመር የተራኪው ሥራ ነው። ልጁ ቤተሰቡ ጋ ደውሎ ቀኖቹን አረጋገጠና፣ የእናትየው እጅ እንዝርቱን ሲያሾር በሚታይበት ቦታ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባ፦ «የአንድ ቀሚስ ጨርቅ የአራት ቀን ሳይሆን የሰባት ቀን ሥራ ነው።»

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምወዳት የትረካ መስመር ይቺ ናት። ቅጽል የላትም። «ድንቅ»፣ «ውብ»፣ «ውድ» አትልም። ሥዕሉ ያሳየውንም አትደግምም፤ እንዝርቱን እያየን «እንዝርት እያሾሩ ነው» አትለንም። ቤተሰቡ ውስጥ ማንም ያላለውን፣ ግን ከሁሉም አፍ የወጣውን ነገር ትናገራለች። ገዢው ዋጋ ሲከራከር የማን ሦስት ቀን እንደሚጠፋም ያኔ ይታያል።

በመጨረሻ ስንለካው ቤተሰቡ 6 ደቂቃ ተናገረ፣ ተራኪው 2 ደቂቃ፣ የቀረው 2 ደቂቃ የሽመና ቤቱ ድምፅ ሆነ። በእርጋታ ሲነበብ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ስለሚሄድ፣ የ600 ቃል ትረካ ወደ 200 ወረደ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሕግ አይደለም። ተናጋሪ ዓይናፋር ከሆነ ወይም የቤቱ ታሪክ ብዙ ዘመን የሚያቋርጥ ከሆነ ተራኪው ሊበዛ ይችላል። ቁጥሩ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው፦ ክሊፕ መጀመሪያ፣ ትረካ በኋላ። ትረካ ጽፎ ለትረካው የሚስማማ ክሊፕ የሚፈልግ ሰው፣ ሸማኔውን ሳይሆን ምስክር ነው የሚፈልገው።

ስለ ሰፈራችሁ ሽመና ቤት፣ ወይም ስለ ሌላ የእጅ ሙያ፣ በስልካችሁ ፊልም የምትሠሩ ከሆነ አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። የተራኪውን መስመሮች ብቻ ለይታችሁ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ያለ ቤተሰቡ ሙሉ ታሪክ ከሆነላችሁ ቤተሰቡ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው፤ ቁረጡ። እየተቆራረጠ፣ እየጎደለ፣ «ከዚያስ?» እያሰኘ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ክፍተቶቹ የሸማኔው ቦታ ናቸው።