የተቆለፈ ኪራይ፦ ወለድ ሲጨምር የቦንድ ዋጋ ለምን ይወድቃል?

በአል ዐይን ከተማ አንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። በስፋትም፣ በአሠራርም፣ በዕድሜም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ኪራይ ርካሽ በነበረበት ጊዜ በዓመት 30 ሺህ ድርሃም የሚከፍል ተከራይ አስገብቶ የአሥር ዓመት ውል ፈርሟል። ውሉ ተከራዩን እንዳያስወጣም፣ ኪራዩን እንዳይጨምርም ይከለክለዋል። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ኪራይ ወደ 50 ሺህ ድርሃም ከፍ አለ። ሁለተኛው ቤት ገና አልተከራየም፤ ዋጋውም አንድ ሚሊዮን ድርሃም ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ገንዘብ ቸግሮት ቤቱን ለመሸጥ ቢነሳ ገዢ በስንት ይወስድለታል?

አስተዋይ ገዢ አንድ ሚሊዮን አይከፍልም። በዚያው ገንዘብ ጎረቤቱን ቤት ቢገዛ በዓመት 50 ሺህ ያገኛል፤ ይህንን ቢገዛ ግን በየዓመቱ 20 ሺህ ይጎድልበታል። ስለዚህ የሚጎድለውን ያህል ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ግድግዳው አልተሰነጠቀም፤ ተከራዩም ክፍያ አላጓደለም። ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ከውጭ ያለው ኪራይ ከፍ ሲል ውስጥ ያለው ኪራይ ተቆልፎ መቅረቱ ብቻ ነው።

ቦንድም እንዲሁ ነው። ቦንድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ይሰጣል፤ በየዓመቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍያ ይቀበላል፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናው ገንዘብ ይመለስለታል። ዋናው ገንዘብ ቤቱ ነው፤ ዓመታዊ ክፍያው ኪራዩ ነው፤ የመመለሻው ቀን ደግሞ የኪራይ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ነው። የወለድ ምጣኔ ሲጨምር አዲስ የሚወጡ ቦንዶች የተሻለ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። አሮጌውን ቦንድ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ዋጋ መቀነስ ብቻ ነው። ምጣኔው ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍ ያለ ክፍያ የተቆለፈበት አሮጌ ቦንድ ተፈላጊ ይሆናል፣ ዋጋውም ይወጣል።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎች ይስማማሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቀሪው የውል ዘመን ነው። ከቤቱ ውል የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዢው የሚጎድልበት 20 ሺህ ድርሃም ብቻ ነው፤ ያም ከዓመት በኋላ የሚመጣ ገንዘብ በመሆኑ ዛሬ የሚጠይቀው ቅናሽ ወደ 19 ሺህ ይጠጋል። አሥር ዓመት ከቀረው ግን ጉድለቱ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ዘግይቶ የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ በእጅ ካለው ያነሰ ስለሚመዘን፣ አምስት በመቶ ትርፍ የሚፈልግ ገዢ የሚጠይቀው ቅናሽ 200 ሺህ ሳይሆን ወደ 154 ሺህ ድርሃም ይሆናል። ቤቱ አንድ፣ ተከራዩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሁለቱ ቅናሾች ልዩነት የመጣው ከቀሪዎቹ ዓመታት ብዛት ነው።

አቡ ዳቢ ራሷ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ትሰጣለች። ኤሚሬቷ እ.ኤ.አ በ2020፣ ወረርሽኙ የዓለምን የወለድ ምጣኔ ወደ ዜሮ ባስጠጋበት ወቅት፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦንዶችን ሸጣ አምስት ቢሊዮን ዶላር ሰብስባለች። የመጀመሪያው የሦስት ዓመት ሲሆን በዓመት 0.75 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ሁለተኛው የአሥር ዓመት ገደማ ሲሆን 1.7 በመቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 2070 የሚዘልቅ የሃምሳ ዓመት ቦንድ ሲሆን 2.7 በመቶ ይከፍላል። ተበዳሪው አንድ ነው፤ ዋስትናውም አንድ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ምጣኔውን ደጋግሞ ከፍ አደረገ። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ሂሳብ ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ የኤሚሬቶች ማዕከላዊ ባንክም ተከተለ፤ በ2022 መጀመሪያ 0.15 በመቶ የነበረው መነሻ ምጣኔው በሐምሌ 2023 5.40 በመቶ ደረሰ።

በዚህ መካከል፣ መስከረም 2022 ላይ፣ ሦስቱን ቦንዶች የያዘ ሰው ለመሸጥ ወጣ እንበል። ለንጽጽር እንዲመች ገዢው ከሁሉም እኩል አምስት በመቶ ትርፍ ይፈልጋል ብለን እናስላ። የገበያው ትክክለኛ ዋጋ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ሂሳቡ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። አንድ ዓመት የቀረው የመጀመሪያው ቦንድ ከ100 ዶላር ወደ 96 ይወርዳል። ከስምንት ዓመት በላይ የቀረው ሁለተኛው ወደ 78 ይወርዳል። 48 ዓመት የቀረው ሦስተኛው ግን ወደ 58 ዶላር ይወድቃል። በእነዚያ ዓመታት አቡ ዳቢ ክፍያ አላቋረጠችም፤ አቅሟም አልተዳከመም። እንዲያውም የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ ገቢዋ አድጎ ነበር። ዋጋውን የጣለው የተቆለፈው ክፍያ ነው፤ የውድቀቱን ጥልቀት የወሰነው ደግሞ የመቆለፊያው ዕድሜ ነው።

«እስከ መጨረሻው ከያዝኩት አልከስርም» የሚለው የተለመደ መጽናኛ ግማሽ እውነት የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሦስት ዓመቱን ቦንድ ይዞ የታገሰ ሰው በ2023 መቶ ዶላሩን ሙሉ ተቀብሎ በአዲሱ የተሻለ ምጣኔ እንደገና ማዋል ችሏል። የሃምሳ ዓመቱን የያዘ ሰውም 2070 ሲደርስ መቶ ዶላሩ ይመለስለታል፤ እስከዚያ ግን ሌሎች አምስት ሲቀበሉ እርሱ 2.7 እየተቀበለ ይቆያል። ቤቱን ያልሸጠው ባለቤትም ጎረቤቱ 50 ሺህ ሲሰበስብ 30 ሺህ ይሰበስባል። ያልሸጠ ሰው ኪሳራውን በአንድ ቀን አያየውም እንጂ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍለዋል።

መታገስ ራሱ የሁሉም ሰው ምርጫ አይደለም። በካሊፎርኒያ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የደንበኞቹን ገንዘብ በአስተማማኝነታቸው በሚታወቁ ረጅም ቦንዶች ላይ አውሎ ነበር። ምጣኔው ሲጨምር ዋጋቸው ወደቀ። በመጋቢት 2023 የደንበኞቹ ገንዘብ እየወጣ ሲያስቸግረው 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። ዜናው የተቀሩትን ደንበኞች አስደነገጠ፤ ባንኩም በሁለት ቀን ውስጥ ተዘጋ። በእጁ የነበረው ዋስትና የሌለው ወረቀት አልነበረም፤ የሚያስፈልገው ገንዘብ ቅርብ፣ የተቆለፈበት ጊዜ ግን ሩቅ ነበር።

እርግጥ የቤቱ ምሳሌ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ፤ ተከራዩ መክፈል ሊያቆም ይችላል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 በዓለም ገበያ የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በዓመት 6.625 በመቶ የሚከፍል ነበር። በታኅሣሥ 2023 መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። እንዲህ ያለው ቦንድ ዋጋው የሚወርደው በዋነኝነት ገዢዎች ገንዘባቸው መመለሱን ስለሚጠራጠሩ ነው። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው የጠንካራ መንግሥታት ቦንዶች አብረው ከወደቁ ምክንያቱ የወለድ ምጣኔ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከወደቀ ግን መጠርጠር ያለበት ተበዳሪው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ውድቀት የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ራሱን እያቃና ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም።

ለሙስሊም ቆጣቢ ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1990 ባሳለፈው ውሳኔ ወለድ የሚከፈልባቸውን ቦንዶች ከሸሪዓ ጋር የማይስማሙ ብሏቸዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ወደ ሱኩክ ያዘነብላሉ፤ የኤሚሬቶች መንግሥትም ከግንቦት 2023 ጀምሮ በድርሃም የግምጃ ቤት ሱኩክ ያወጣል። ሆኖም የውሉ ሐላልነትና የዋጋው መውጣትና መውረድ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በኢጃራ፣ ማለትም በኪራይ ውል ላይ የተመሠረተ ሱኩክ፣ ኪራዩ አስቀድሞ የተቆረጠ ከሆነ፣ የአል ዐይኑ ቤት ለእርሱ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የራሱ ገጽታ ነው ማለት ይቻላል። በገበያው ያለው ተመላሽ ሲጨምር የሱኩኩም ዋጋ ይወርዳል። «ወለድ የለበትምና የወለድ ምጣኔ አይነካውም» ብሎ የሚገዛ ሰው ሃይማኖታዊውን ጥያቄ መልሶ የኪሱን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል።

እንግዲህ ከቆጣቢው ፊት የሚቀርበው ወረቀት ቦንድም ይሁን ሱኩክ፣ «ማን ነው ያወጣው?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከአቡ ዳቢ ሦስት ቦንዶች ጀርባ የቆመው መንግሥት አንድ ነበር፤ አንደኛው አራት ዶላር ሲያጎድል ሌላኛው ከአርባ በላይ ያጎደለው በዕድሜያቸው ልዩነት ነው። ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው «ክፍያው የተቆለፈው ለስንት ዓመት ነው?» ተብሎ ነው፤ ቆጣቢው ደግሞ ራሱን «ይህ ገንዘብ የሚያስፈልገኝ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለቤት መሥሪያ ወይም ለልጅ ትምህርት የሚፈለግ ገንዘብ በሠላሳ ዓመት ወረቀት ውስጥ ከገባ፣ ተበዳሪው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ባለገንዘቡ ውሉ ሳያልቅ ቤቱን ለመሸጥ እንደተገደደው ሰው ይሆናል።