“ጉልህ” የምትለው ቃል የት ሄደች?



ባለፈው የእረፍት ጊዜ ከመተከል የሆንን ጥቂት ተማሪዎች ግልገል በለስ ላይ ተገናኝተን የአንድ ወንድማችንን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ አብረን አነበብን። ጽሑፉ ስለ ህዳሴው ግድብ ነው። ግድቡ ያለው በዚሁ በዞናችን፣ ጉባ ወረዳ ስለሆነ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ መስሎን ነበር። አንድ አንቀጽ ላይ ግን ቆምን። እንዲህ ይላል፦

“በ2007 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ ግድቡ በግብፅ ላይ ምንም ጉዳት እንደማያደርስ ዋስትና ሰጥታለች፤ ጉዳት ከደረሰም ካሳ ትከፍላለች።”

ወንድማችን ይህን የጻፈው ለመዋሸት አይደለም። ምንጩን ቃል በቃል እንዳይገለብጥ ተነግሮት ስለነበር በራሱ አባባል አሳጥሮ አስቀመጠው። ቃላቱ ከምንጩ እንዲለዩ ብዙ ተጠንቅቋል። ትርጉሙ ከምንጩ እንዳልተለየ ግን አላየም፤ እኛም መጀመሪያ ስናነብ አላየንም። ያወቅነው ሰነዱን አውጥተን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ነው።

ሰነዱ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የሦስቱ አገሮች መሪዎች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ ነው። አሥር መርሆዎች አሉት፤ የወንድማችን አንቀጽ የተነሣው ከሦስተኛው ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ሐሳብ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦ ሦስቱ አገሮች ዓባይን ሲጠቀሙ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢ የሆኑ እርምጃዎችን ሁሉ ይወስዳሉ። ይህም ሆኖ በአንዱ አገር ላይ ጉልህ ጉዳት ከደረሰ፣ አጠቃቀሙ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው አገር፣ በዚያ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ከሌለ፣ ከተጎጂው ጋር እየተመካከረ ጉዳቱን ለማስወገድ ወይም ለማቃለል ተገቢውን እርምጃ ሁሉ ይወስዳል፤ ተገቢ ሆኖ ሲገኝም የካሳን ጥያቄ ይወያያል።

ያደረግነው ማነጻጸር ቀላል ነው። መጀመሪያ የወንድማችንን አንቀጽ ወደ ነጠላ አባባሎች በታተንነውና እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጻፍን። ከዚያ ለእያንዳንዱ “ይህ በሰነዱ ውስጥ የት ነው?” ብለን በጣት ፈለግን። “ዋስትና ሰጥታለች” የሚለው የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ሰነዱ የሚለው እርምጃ መውሰድን ነው። ጉዳት እንዳይደርስ መጣር አንድ ነገር ነው፤ ጉዳት አይደርስም ብሎ መዋስ ሌላ ነው። “ካሳ ትከፍላለች” የሚለውም ቦታ አጣ፤ ሰነዱ ውስጥ ያለው መወያየት ነው፣ እሱም ተገቢ ሆኖ ሲገኝ። በጣት የማይገኝ ሁሉ የተጨመረ ነው።

ቀጥሎ በተቃራኒው ሄድን። ከሰነዱ ተነሥተን እያንዳንዱ ቃል በወንድማችን አንቀጽ ውስጥ የት እንደደረሰ ጠየቅን። “ሦስቱ አገሮች” የሚለው “ኢትዮጵያ” ብቻ ሆኗል፤ የሦስቱም ግዴታ የአንዷ ሸክም ሆነ ማለት ነው። “ጉልህ” የምትለው ቃል ጠፍታ በቦታዋ “ምንም” ገብቷል። “በአጠቃቀሙ ላይ ስምምነት ከሌለ” የሚለው ገደብና “እየተመካከረ” የሚለውም የሉም። ይህን የጎደለውን ያገኘነው በዚህ በሁለተኛው ጉዞ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ አድርገን እንቆማለን፤ የቀረ ነገር ደግሞ በጽሑፋችን ላይ ስለማይታይ ጽሑፋችንን መላልሰን ብናነብም አናገኘውም።

የጎደለ ሁሉ ስሕተት ነው አንልም። ማሳጠር ማለት መተው ነው። ጥያቄው የተተወው ቃል አባባሉን ይገድበው ነበር ወይ የሚለው ነው። የተፈረመበት ከተማ ስም ቢቀር ግዴታው አይለወጥም። “ጉልህ” ስትቀር ግን ግዴታው ሌላ ይሆናል፤ ከታላቅ ወንዝ ላይ አንድ ጠብታ መውሰድም “ጉዳት” ሊባል ይችላልና።

በአማርኛ ስንጽፍ የበለጠ የሚያሰጋን ገደቡ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ቃል ሳይሆን በግሡ ውስጥ የተደበቀ መሆኑ ነው። “ሊቀንስ ይችላል” የነበረው “ይቀንሳል” ይሆናል። “ቀንሷል ተብሏል” የነበረው “ቀንሷል” ይሆናል። ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም ተምረናል፦ አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትገናኝ በጣሊያን በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ ላይ የተነሣው ክርክር ዓድዋ ድረስ ሄዷል። ስለዚህ ስናነጻጽር ግሦቹን ለብቻቸው አውጥተን ማስተያየት አለብን።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ኪታብ የሚገለብጡ ሊቃውንት የገለበጡትን ከዋናው ጋር ማስተያየትን ሙቃበላ ብለው ራሱን የቻለ ሥራ አድርገውታል። ሐዲሥን በሐሳቡ መዘገብ ይቻላል ያሉትም ዘጋቢው ትርጉምን የሚለውጠውን ነገር የሚያውቅ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ.) የመኝታ ዱዓ ተምሮ መልሶ ሲያነብ “ነቢይህ” የሚለውን “መልእክተኛህ” ቢለው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መጀመሪያው ቃል መልሰውታል። ሁለቱም ቃላት እውነት ነበሩ፤ ግን አንዱ ሌላውን አይደለም።

በመጨረሻ የወንድማችንን አንቀጽ አብረን እንዲህ ጻፍነው፦

“በ2007 ዓ.ም. የመርሆዎች መግለጫ ሦስተኛ መርህ መሠረት ሦስቱም አገሮች ዓባይን ሲጠቀሙ ‘ጉልህ ጉዳት’ እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ ይወስዳሉ። ጉልህ ጉዳት ከደረሰና በአጠቃቀሙ ላይ ስምምነት ከሌለ፣ ጉዳቱን ያደረሰው አገር ከተጎጂው ጋር በመመካከር ለማስወገድ ወይም ለማቃለል ተገቢውን ሁሉ ያደርጋል፤ ካሳም ተገቢ ሲሆን ለውይይት ይቀርባል።”

ከመጀመሪያው ረዝሟል፤ የምንጩንም ያህል ሊሆን ምንም አልቀረው። የሕግ ጽሑፍ ብዙ ማሳጠር አይወድም። “ጉልህ ጉዳት” የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ያስገባነው ተመሳሳይ ቃል ፈልገን መተካት ስላልፈለግን ነው። ሌላ ቃል የማይተካውን ሐረግ ከነምንጩ መጥቀስ ኩረጃ አይደለም፤ ቃሉን ቀይሮ ትርጉሙን ማጥፋት ግን ከኩረጃ የባሰ ነው።

ይህ ማነጻጸር የማይሸፍነው ነገርም አለ። አንድ አንቀጽ ለምንጩ ታማኝ ሆኖ ሳለ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። አራተኛው መርህ ስለ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ይናገራል፤ ሦስተኛውን ብቻ አንሥተን እሱን ብንተወው ሚዛኑ ይዛባል። ስለዚህ የምናነጻጽረው አንቀጽ ካለቀ በኋላ በምንጩ ውስጥ ከላይና ከታች ያለውንም እናንብብ።

አቋማችን ይህ ነው፦ በጥናት ክበቦቻችን ውስጥ ማንም የሌላውን ረቂቅ ሲያነብ ምንጩን ሳይዝ “ጥሩ ነው” አይበል። አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ከተጻፈም ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ሳይሆን ከዋናው ምንጭ ጋር ይነጻጸር፤ አለበለዚያ የሁለተኛውን ስሕተት እንወርሳለን። ጉባ ላይ ስለቆመው ግድብ ከእኛ የሚጠይቅ ሰው፣ ከአካባቢው ልጅ የሰማውን አምኖ ይሄዳል። “ጉልህ” የምትለውን ቃል በእኛ እጅ ካጣናት፣ ሌላ ማን ይመልሳታል?

ወላሁ አዕለም።