የሚፈረመው በቆጠራው ላይ ነው

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ለተተኪው አንድ ዝርዝር ይቀርብለታል። ዝርዝሩ ከካርድ የተገለበጠ ነው፤ የዕቃው ስም አለ፣ መለኪያው አለ፣ ብዛቱም አስቀድሞ ተሞልቷል። ከግርጌው «ከላይ የተጠቀሰውን ንብረት ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ይላል። ተተኪው አዲስ ነው፣ አለቃው ይቸኩላል፣ አስረካቢው መኪና ይጠብቀዋል። ይፈርማል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጎደለው ሁሉ የእሱ ጉድለት ነው።

እኔ በታዛቢነት በተቀመጥኩባቸው ርክክቦች አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የብዛቱ ዓምድ ባዶ ሆኖ ይምጣ። ቁጥሩ ከመደርደሪያው ይነሳ እንጂ ከካርዱ አይውረድ። ካርዱ 40 እንደሚል የሚያውቅ ቆጣሪ 38 ሲያገኝ «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ 40 ይጽፋል። ይህ የተንኮል ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ዓይን የሚጠብቀውን ነው የሚያየው።

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የተደረገ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ርክክብ ነገሩን በደንብ ያሳያል። አስረካቢው ለዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው፣ ተረካቢዋ ወጣት ናት፤ ከፋይናንስ አንድ ሰው በታዛቢነት ተመድቧል። አስረካቢው በቅንነት፣ «ልጄ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ተቀበይና ፈርሚ፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ስልክ ትደውይልኛለሽ» አሏት። እሷም «ጋሼ፣ እርስዎን ሳልጠራጠር ልቁጠረው፤ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። ቆጠራው ተጀመረ።

ከመቁጠር በፊት ግን እንቅስቃሴው መቆም አለበት። ቆጠራው እስኪያልቅ ገቢም ወጪም የለም። ድንገተኛ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ክፍሎች የሁለትና የሦስት ቀኑን አስቀድመው ይወስዳሉ። ከዚያ የመጨረሻው ሞዴል 19 እና የመጨረሻው ሞዴል 22 ተራ ቁጥር በቃለ ጉባዔው ይመዘገባል። እስከዚህ ቁጥር ያለው ገቢና ወጪ የአስረካቢው፣ ከዚህ በኋላ ያለው የተረካቢው ነው። ይህ መስመር ካልተሰመረ ከአንድ ወር በኋላ «ያ ወጪ በማን ጊዜ ነው የወጣው?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ጥራዞቹ ቅጠል በቅጠል ተገልጠው ከቢን ካርዱ ጋር ይመሳከራሉ። በዚያ ጤና ጣቢያ የአሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም ካፕሱል ካርድ ከወጪ ቀሪ 148 ፓኮ ይል ነበር። ጥራዙ ሲገለጥ ለተመላላሽ ታካሚዎች መድኃኒት ክፍል 12 ፓኮ የወጣበት ሞዴል 22 ተገኘ፤ በሥርዓቱ ተፈርሟል፣ ካርዱ ላይ ግን አልሰፈረም። በዕለቱ ሰፈረና ቀሪው 136 ሆነ። እንዲህ ዓይነቱ ሳይወራረስ የቀረ ሰነድ «ጉድለት» ከሚባለው ብዙውን ክፍል ይይዛል፤ ሰነዱ ሳይፈተሽ የተጀመረ ቆጠራ ግን ያልጎደለውን ጎደለ እያሰኘ ሰው ያስጨንቃል።

ከዚያ መደርደሪያው። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ቀጥሎ ቦታ ይቀያየሩና ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሦስተኛ ይቆጠራል። ስህተት የሚበዛው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መለኪያ ነው። ካርዱ «ፓኮ» ይላል፣ ፓኮው 10 ስትሪፕ ነው፣ ስትሪፑ 10 ካፕሱል። ተከፍቶ 7 ስትሪፕ የቀረበት ፓኮ እንደ ሙሉ ከተቆጠረ 30 ካፕሱል በወረቀት ብቻ ይኖራል። ስለዚህ የተከፈተው ለብቻው፣ በስትሪፕ ይጻፋል። ሁለተኛው ያልተከፈተ ካርቶን ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ግድግዳ የሚመስል የካርቶን ክምር ከኋላው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እየተነሣ ወደ ሌላ ጥግ እየተላለፈ ነው መቆጠር ያለበት። ፕላስተሩ በሌላ ፕላስተር ላይ ደግሞ የተለጠፈበት፣ ጥጉ የላላ ወይም ሲያነሱት ከጓደኛው የሚቀል ካርቶን ተከፍቶ ይታያል። ሁሉንም መክፈት ባይቻል እንኳ የትኞቹ ተከፍተው እንደታዩ ቃለ ጉባዔው ይናገር።

መድኃኒት ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለም። ባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይጻፋል። በዚያ ቆጠራ አገልግሎት ላይ የሚውል 121 ፓኮ፣ ጊዜው ያለፈበት ደግሞ 5 ፓኮ ተገኘ። በድምሩ 126 ነው። ተረካቢዋ አምስቱን በተለየ መስመር ጻፈቻቸው፤ «ለማስወገድ የተለየ» ብላ። ይህን ባታደርግ ኖሮ ከጥቂት ወራት በኋላ አምስቱም በእሷ እጅ የተበላሹ ይመስሉ ነበር።

ካርዱ 136፣ ቆጠራው 126፤ ልዩነቱ 10 ፓኮ ነው። አስረካቢው መሳቢያቸውን ከፈቱና በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አወጡ። ለጎረቤት ጤና ጣቢያ 6 ፓኮ በውሰት ሰጥተዋል፤ ተቀባዩም ፈርሟል። ሞዴል 22 ግን አልተቆረጠለትም። የቀሩትን 4 ምን እንዳደረጓቸው ለማስታወስ ሞከሩ፣ አልቻሉም።

አብዛኛው ርክክብ የሚበላሸው በዚች ደቂቃ ነው። አንዱ «አራት ፓኮ ምን አላት» ይላል፣ ሌላው ካርዱን ፍቆ 126 ያደርጋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፍቆ ማስተካከል አስረካቢውን ያለ ውሳኔ ነፃ ያወጣል፣ ለተረካቢዋም የተፋቀ ካርድ ያወርሳታል። «ምን አላት» ደግሞ አራቱን በእሷ ጫንቃ ላይ ይጥላል። ቃለ ጉባዔው ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ በካርድ 136፤ በቆጠራ 121 ደህና፣ 5 ጊዜው ያለፈበት፤ 6 በውሰት፣ ወረቀቱ ተያይዟል፤ 4 ያልተገለጸ ጉድለት። ተረካቢዋ የፈረመችው በ121 እና በ5 ላይ ነው። ስድስቱም አራቱም የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ እስኪወስን በአስረካቢው ስም ይቆያሉ። ካርዱ ላይ ሳይፋቅ አዲስ መስመር ተጻፈ፤ ቀን፣ «የርክክብ ቆጠራ»፣ የቃለ ጉባዔው ቁጥር፣ የተቆጠረው መጠን። አስረካቢው ለመፈረም አላንገራገሩም፤ ጉድለቱ እንዳለ ሲጻፍ ውሰቱም እንዳለ ተጽፎላቸዋልና። በግልጽ የተጻፈ ልዩነት ለአስረካቢውም መከላከያ ነው፤ ከሄዱ በኋላ የሚጠፋ ነገር ወደ እሳቸው አይወረወርም።

ሰዎች የሚረሱት ያልተሠራባቸውን ጥራዞች ነው። ባዶ ሞዴል 19 እና 22 እንደ ዕቃ ተቆጥሮ፣ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ ተጽፎ መተላለፍ አለበት። አንዲት ባዶ ቅጠል ውጭ ከቀረች ወደ ኋላ ቀን ተጽፎባት የወጪ ማስረጃ ሆና ልትመጣ ትችላለች። ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ መለዋወጫው ስንት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስለማይኖር በርክክቡ ቀን ጓጉንቸሩን መቀየር ይሻላል።

ቃለ ጉባዔው በየገጹ በሦስቱም ይፈረማል፤ አንድ ቅጂ ለአስረካቢ፣ አንድ ለተረካቢ፣ አንድ ለፋይናንስ፣ አንድ ለፋይል። አስረካቢው ታሞ ወይም ሞቶ መቅረብ ካልቻለ ግምጃ ቤቱ ታሽጎ ይቆይና በኮሚቴ ፊት ተከፍቶ ይቆጠራል፤ ተረካቢ ብቻውን ገብቶ የቆጠረውን ማንም አያምንለትም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜውን የሚሰጠው ደግሞ አለቃው ነው። የዝውውር ደብዳቤ ዛሬ ጽፎ ነገ ተረካከቡ የሚል ኃላፊ ቆጠራ እንዲደረግ አልፈለገም ማለት ነው። ለመካከለኛ ግምጃ ቤት ሦስትና አራት የሥራ ቀን መመደብ፣ የአስረካቢውንም ክሊራንስ ሦስቱ ከመፈረማቸው በፊት አለመስጠት በኃላፊው እጅ ያለ ነገር ነው።