ደብዳቤው ከገባ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ ጥቅምት 3 ቀን፣ ሰኞ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ለአለቃው ሰጠ። ሐሙስ አለቃው አስጠርተው «ደብዳቤህን መልሰህ ውሰድ፤ ደመወዝህ ላይ 10,000 ብር አስጨምርልሃለሁ» አሉት። ወዳጄ ሌላ ቦታ ፈርሞ ጨርሷል። ነገር ግን አለቃው ሥራ ያስተማሩት ሰው ናቸውና ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከበደው። «እስቲ ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ይሉኝታው ይገባኛል፤ መልሱ ግን አልተዋጠልኝም። «ላስብበት» ያለ ሰው ዋጋ እያስወጣ ነው ተብሎ ይገመታል። አለቃውም ጭማሪውን ለማስፈቀድ ከበላይ ኃላፊ ዘንድ ይመላለሳሉ፤ ምትክ መፈለጉንም ይተዉታል። ከሳምንት በኋላ እምቢ ሲባሉ የሚቀየሙት በመልቀቁ ሳይሆን በከንቱ በመልፋታቸው ነው።

የብሩን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ የመጨረሻው የግብር እርከን ውስጥ ለገባ ደመወዝተኛ 10,000 ብር ጭማሪ ማለት 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጦ እጅ ላይ የሚደርስ 5,800 ብር ነው። ይህን ስሌት ግን ለአለቃ አይነግሩም። «አነሰኝ» ማለት «ጨምሩልኝ» ማለት ነውና።

ወዳጄ አርብ ጠዋት ተመልሶ ገባ። «ጋሼ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ወስኜ ሌላ ቦታ ፈርሜያለሁ፤ የሰኞው ደብዳቤ እንደጸና ነው። የወሩን ሒሳብ ዘግቼ፣ ለሚተካኝ ሰው አስረክቤ እወጣለሁ።» የአዲሱን መሥሪያ ቤት ደመወዝ አልጠራም፤ የአሮጌውንም እንከን አልዘረዘረም።

በቃል ብቻ መቅረት ግን አልነበረበትም። የሰኞው ደብዳቤ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ መዝገብ ቤት አልደረሰም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሚቆጠረውም ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የወዳጄ ቆጠራ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ጀምሮ ኅዳር 3 ያበቃል። ደብዳቤ መስጠቱን ማስረዳት ካልቻለ ግን ሳያስጠነቅቅ እንደወጣ ተቆጥሮ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ የዚያኑ አርብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ፦ «ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የሥራ መልቀቂያ ካስገባሁ በኋላ የቀረበልኝን የደመወዝ ጭማሪ በምስጋና ያልተቀበልኩት መሆኑን እገልጻለሁ። በመልቀቂያዬ መሠረት የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።» ግልባጩን ለሰው ኃይል አስተዳደር አደረገ።

እርስዎም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ሳያስሰፍሩ ከመዝገብ ቤት አይውጡ።