«ቀለሙ እንደ ስልክዎ ሊለያይ ይችላል» የሚለው ጽሑፍ ማንንም አያድንም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከእናንተ ውስጥ ከሸዋ ሮቢት ሆናችሁ የሀገር ልብስ በቴሌግራም የምትሸጡ አላችሁ። ገጾቻችሁን አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን ከፎቶው ሥር የማትጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ቀለሙ እንደ ስልክዎ ሊለያይ ይችላል»። የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ውሸት አይደለችም፣ ግን ለገዢው ምንም አትነግረውም። ይለያያል ካላችሁ ወዴት ነው የሚለያየው? ይጠቁራል? ወደ ሰማያዊ ይሄዳል? ልብሱን በእጁ የያዘው ሻጩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መልሱን ማወቅ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።

በቅርቡ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ የገጠማትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለች ሙሽራ ለሚዜዎቿ አራት ነጠላ አዘዘች፣ ጥለቱ «ቦርዶ» ይሁን ብላ። ሻጯ ፎቶ ላከች፣ ሙሽራዋ ወደደችው፣ ግማሽ ክፍያ ገባ፣ ሸማኔው ሠራ፣ በሚኒባስ ተላከ። ጥቅሉ ሲከፈት ጭቅጭቅ ሆነ። ሙሽራዋ በስልኳ ያየችው ቀይ ሥር የመሰለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቀለም ነበር፤ የወንዶቹንም ክራባት በዚያው አስገዝታለች። የመጣው ግን የደረቀ ዛላ በርበሬ የመሰለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ ቀይ ነው። ሁለቱም «ቦርዶ» ይባላል እኮ! ነጠላዎቹ ተመለሱ። የደርሶ መልስ ማጓጓዣው ሻጯ ላይ ወደቀ፣ ሠርጉም ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ማንም አልዋሸም። ታዲያ ቀለሙ የት ተቀየረ? ፎቶውን አብረን አየነው። የመጀመሪያው ጥፋት የተፈጠረው ገና ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነው። የኛን ቆላ ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ሱቁ በር ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል፣ ፎቶው የተነሳውም ከሸራው ሥር ነው። በሸራው ውስጥ ያለፈው ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ነው ልብሱ ላይ የሚያርፈው። ቀይ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሲጨመር ምን ይሆናል? ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። በዚያ ላይ ጥለቱ ፎቶውን ሞልቶታል። የስልክ ካሜራ ነጭ የቱ እንደሆነ ከፎቶው ውስጥ እየገመተ ቀለሙን ያስተካክላል፤ ፎቶው በአንድ ቀለም ሲሞላ ግምቱ ይሳሳታል።

ሁለተኛው የሙሽራዋ ስልክ ነው። አንዳንድ ስልኮች ላይ የስክሪን ምርጫ አለ፤ ሳምሰንግ ላይ ለምሳሌ `Vivid` እና `Natural` ይላል። የመጀመሪያው ቀለምን አድምቆና አጋኖ ያሳያል፣ ሁለተኛው ረጋ ያለ ነው። ማታ ለዓይን ምቾት የሚበራው ደግሞ ሁሉንም ወደ ቢጫ ይስበዋል። አንድ ፎቶ በሦስት ስልክ ሦስት ቀለም ሆነ ማለት ነው።

ስክሪኑ አንድ ቢሆንም እንኳ ዓይን ራሱ ይገምታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያነጋገረችውን ቀሚስ ታስታውሳላችሁ? አንዱን ፎቶ እያዩ ግማሹ ነጭና ወርቃማ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር አለ። ቀሚሷ ሰማያዊና ጥቁር ነበረች። ፎቶው ላይ ያረፈው ብርሃን ምን እንደነበር ስለማይታወቅ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ግምት ወሰደ።

ስለዚህ ፎቶ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ቃል ያስፈልገዋል። ደግሞ እኛ ለዚህ ባዳ አይደለንም። የይፋት ሰው በሬ ሲጠፋበት ፎቶ አልነበረውም። «ዳለቻ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው» ይል ነበር፤ የሰማው ሁሉ ይፈልገው ነበር። ዶሮ ገበያ ላይ «ገብስማ» ስትሉ ማንም አይሳሳትም። ምክንያቱም ቃሉ ሁሉም በዓይኑ ከሚያውቀው ነገር ጋር ታስሯል። «ቦርዶ» ግን ከምንም ጋር አልታሰረም።

እንዲህ ጻፉት። መጀመሪያ ዋናውን ቀለም ተናገሩ፣ ቀጥሎ ጠቆር ይላል ወይስ ነጣ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚያደላና ወዴት እንደማያደላ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል። የዚያ ነጠላ ጽሑፍ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ገና ሳይታዘዝ ያልቅ ነበር፦

«ጥለቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ወደ ቡኒ ያደላል፣ ወደ ወይን ጠጅ አይሄድም። የደረቀ ዛላ በርበሬ ይመስላል እንጂ ቀይ ሥር አይመስልም። ፎቶው በስልክዎ ወይን ጠጅ መስሎ ከታየ ፎቶውን ሳይሆን ጽሑፉን ይመኑ።»

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። «ሊለያይ ይችላል» ከማለት ይልቅ ልዩነቱ ወዴት እንደሆነ ትናገራለች።

ፎቶውንም አስተካክሉት። ከሸራ ሥር ውጡ፤ የቀትር ፀሐይም ቀለሙን ያነጣዋል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ግድግዳ ጥላ ውስጥ አንሱ። አጠገቡ ነጭ የደብተር ወረቀት አስቀምጡ። ነጠላው ራሱ ነጭ አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ የእጅ ፈትል ግን ክሬም ስለሚነካው አይሆንም። ከወረቀቱ ጎን አዲስ ባለ 200 ብር ኖት ጨምሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ይህ ወይን ጠጅ ኖት ገዢውም ኪስ ውስጥ አለ። ገዢው የራሱን ኖት አውጥቶ በቀን ብርሃን ስልኩ ላይ ካለው ጋር ያስተያየው። ስክሪኑ ላይ ያለው ኖት ከእጁ ካለው ይልቅ ወደ ሰማያዊ ከሄደ፣ ጥለቱም ወደዚያው መሄዱን መጠርጠር አለበት። የቆሸሸ ኖት አይሠራም። ይህ ዘዴም አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ትክክለኛውን ቀለም አይሰጥም።

ከሌላ ልብስ ወይም ክራባት ጋር መመሳሰል ካለበት ግን ቃልም ፎቶም አይበቃም። የክሩን ቁራጭ በፖስታ በሚኒባስ ላኩ፤ ከተመላሽ ነጠላ ይቀላል። ግማሹን ቁራጭ እናንተ ጋ አስቀሩ፣ ለጭቅጭቅ ቀን ምስክር ነው። ለአንድ ትእዛዝ የሚያስፈልገውን ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለይ ይችላል።

«ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ፖስት ማን ይጽፋል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ አይደለም፤ አንድ ጥለት አንዴ ይጻፋል፣ ከዚያ ኮፒ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 813/2006) ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይላል። ገዢዎችም ድርሻ አላችሁ፦ ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ ቀለም አትምረጡ፣ ከምን ጋር እንደሚመሳሰል ቀድማችሁ ተናገሩ።

ልብስ የምትሸጡ እስቲ አንዱን ጥለታችሁን ያለ ፎቶ በቃል ብቻ ኮሜንት ላይ ግለጹልን። ሌሎቻችን ምን እንደሚመስል እንገምት፣ ከዚያ ፎቶውን አውጡት። ግምታችን የት ላይ እንደሳተ ስታዩ የትኛው ቃል እንደጎደላችሁ ታውቃላችሁ።