«የሰው እጅ ያልነካው» የጸጋዬ ታሪክ

«ርእስ ብቻ ስጠው፤ አንዱ ማሽን ይጽፋል፣ ሁለተኛው ያነባል፣ ሦስተኛው ሥዕሉን ያንቀሳቅሳል፤ ቪዲዮው የሰው እጅ ሳይነካው ይወጣል» የሚል ስብከት በአዲስ አበባም በአምቦም በርክቷል። ሰባኪዎቹ የየማሽኑን ችሎታ እያወደሱ ስለ መጋጠሚያው ዝም ይላሉ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ግን መጋጠሚያው ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ እንመርምረው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1936 መሆኑ ነው። የቋንቋ ሞዴሉ በብዛት የተማረው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመሆኑ 1936ን ያገኝና «በ1936 ዓ.ም. ተወለደ» ብሎ ሊጽፍልን ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልጎደለውም። ነገር ግን የጣልያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ የተወለደውን ልጅ፣ ጣልያን ከተባረረ በኋላ የተወለደ አድርጎታል። ሦስተኛው ማሽን ደግሞ ያንኑ ቁጥር እንደ ፈረንጅ ዘመን ተረድቶ የጣልያን ወታደሮችን ያሳያል። ጆሮ የሰማውንና ዓይን ያየውን ማን ያስታርቅ? ማሽኖቹ እንደሆኑ አይነጋገሩም፤ የኋለኛው የፊተኛውን መልሶ አይጠይቅም።

ወደ ድምፁ እንለፍ። ጽሑፉ «ገና ሕፃን ሳለ» ይላል። ገና ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። ድምፅ አመንጪው ግን ገምቶ ያነባል፤ ሲስት በዓሉን ሕፃን ያደርገዋል። የኦሮምኛው ቁቤ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የጠበቀውን ተነባቢ ደግሞ ስለሚጽፈው «መጥፎ» እና «ደጋ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ፊደል መደገም ይለያሉ።

«ድምፁን መልሶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አራተኛ ማሽን እንጨምርና እናመሳክር» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ መፍትሔ ለአማርኛ ከንቱ ነው። አራተኛው ማሽን የጠበቀውንም የላላውንም «ገና» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፎቹ ፍጹም ተመሳስለው ይገኛሉ፤ ስሕተቱም የትክክለኛነት ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል። ፊደሉ የማይመዘግበውን ስሕተት ፊደል በማነጻጸር ማግኘት አይቻልም። ጆሮ ያስፈልጋል፤ ጆሮውም የሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው መጋጠሚያ የመጨረሻው ነው። ቪዲዮ አመንጪዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡት የጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ ነው፤ ስምንት ሰከንድ ነው እንበል። ዐረፍተ ነገራችን ይህ ይሁን፦ «በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ቢገባም፣ የከተማዋ መያዝ የአርበኞች ተጋድሎ ማብቂያ አልነበረም።» ንባቡ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ። ድምፅና ምስሉን ብዙዎች የሚያጋጥሙት በዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
ffmpeg -i clip.mp4 -i voice.wav -map 0:v -map 1:a -c:v copy -shortest out.mp4
```

`-shortest` ማለት አጭሩ ሲያልቅ ሁሉም ይቁም ማለት ነው። ምስሉ በስምንተኛው ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁም አብሮ ይቆረጣል። በአማርኛ ደግሞ ግሡም አሉታውም የሚቀመጡት መጨረሻ ላይ ነው። «አልነበረም» ተቆርጦ ሲወድቅ ተመልካቹ የሚሰማው «የከተማዋ መያዝ የአርበኞች ተጋድሎ ማብቂያ» የሚለውን ነው። አንዲት ሰከንድ ታሪኩን ገለበጠችው! ትእዛዙ ግን ሥራውን በሰላም እንዳጠናቀቀ ይመዘግባል፤ ቀይ መብራት የለም።

«ስሕተቱ ጥቂት ነው» ለሚሉን በቁጥር እንመልስ። እያንዳንዱ ማሽን ከመቶ ዐረፍተ ነገር 95ቱን ቢያሳካና ስሕተቶቹ የማይያያዙ ቢሆኑ፣ ሦስቱንም በደኅና የሚያልፈው 86 ገደማ ነው። ሃያ ዐረፍተ ነገር ያለው ቪዲዮ ያለ አንዳች እንከን የመውጣት ዕድሉ ታዲያ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም።

እኔ ማሽኖቹ ይጣሉ አላልሁም። ዘመኑ ከቁጥሩ ጋር ተለይቶ ይመዝገብ፤ ቁጥርና ምሕጻረ ቃል ወደ ድምፅ ከመሄዳቸው በፊት በፊደል ይዘርዘሩ፤ ድምፁ አስቀድሞ ተሠርቶ ርዝመቱ ይለካ፣ ምስሉም በልኩ ይታዘዝ ወይም የመጨረሻው ምስል ቆሞ ይጠብቀው። ከሁሉም በኋላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያዳምጥ። ይህን የመጨረሻውን ደመወዝ ለማስቀረት ሲባል ነው «የሰው እጅ አልነካውም» የሚባለው። እንደ ጉራ ይነገራል እንጂ ኑዛዜ ነው፦ ከመውጣቱ በፊት ማንም አላዳመጠውም ማለት ነውና። የቦዳው ልጅ ታሪክ በአምቦ ልጆች ጆሮ ሲገባ ግን አዳማጭ አለው፤ የሚያርመው እንጂ የጠፋው።

ቸር ይግጠመን።